«አጣርቻለሁ» ያልኩበት ቀብድ

ይህ ነገር በድምሩ አሥራ ስምንት ሺህ ሪያል አስወጥቶኛል። ገንዘቡን መናገር አያሳፍረኝም፤ በጅዳ ገበያ ተበልቶ የማያውቅ ነጋዴ ገና ሱቁን ያልከፈተ ነው። የሚያሳፍረኝ በመካና በጅዳ መሀል ባለችው ከተማ፣ ባሕራ ላይ ሻይ ይዤ በስልክ የተናገርኳት አንዲት ቃል ናት።

ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ ሻንጣና ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሱቁ የከፊሌ፣ በስሙ የምኖርበት የሳዑዲው አሠሪዬ ነው፤ እኔ ዕቃ የምመርጥለት፣ የምገዛለትና የምሸጥለት ተቀጣሪው ነኝ። ከፊሌ ሽማግሌ ሰው ነው። አልፎ አልፎ ይመጣና ወንበር ላይ ተቀምጦ «ሥራ እንዴት ነው?» ይላል፤ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ይሄዳል። ደንበኞቻችን ወደ አገር የሚገቡ ሐበሾች ናቸው። የኛ ሰው አገሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ሻንጣው ነው፤ ባለቤቱ ከኋላ ይደርሳል።

በሰፈሩ ያወጡልኝ ስም «ሙፈቲሹ» ነው፣ ተቆጣጣሪው እንደማለት። ዕቃ አቀርባለሁ የሚል ሁሉ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰጅሉን፣ የንግድ ምዝገባ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን በስልኬ የንግድ ሚኒስቴሩ ገጽ ላይ አስገባለሁ። አያስከፍልም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የድርጅቱ ስም ይወጣል፣ ምዝገባው በሥራ ላይ መሆኑ ወይም መሰረዙም ይታያል። በዚህም አላበቃም፤ የሌላ ሰው ሰጅል ቀድቶ የሚዞር አለና፣ ገንዘብ አስገባበት የተባለው የባንክ ሒሳብ በድርጅቱ ስም መሆኑን አያለሁ፣ ከዚያም መጋዘኑ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። አንድ ጊዜ ባሕራ ውስጥ አንድ የየመን ሽማግሌ ወረቀቱን ደጋግሜ ባስወጣው፣ «አንተ፣ ልጄን ልታገባ ነው ወይስ ብርድ ልብስ ልትገዛ?» ብሎኛል። ሰውየው እውነተኛ ነበር። ብርድ ልብሱንም ገዛሁት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም።

ዓርብ ዓርብ ወደ ሱቁ የምትመጣ አንዲት የጎጃም ሴት ነበረች። ጃሚዓ ሰፈር ውስጥ ማዳም ቤት ትሠራለች። አትገዛም፤ ሻንጣ ትከፍታለች፣ ዚፑን ትጎትታለች፣ ጎማውን ታሽከረክራለች፣ ዋጋ ጠይቃ ትሄዳለች። በመጨረሻ፣ «እህቴ፣ ይኼን ሻንጣ ከኔ በላይ አወቅሽው እኮ» ብላት ሐሳቧን ነገረችኝ። ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው፤ ማዳም በኸሩጅ ልትሸኛት፣ ጨርሳ እንድትወጣ ተስማምታለች። እሷ ደግሞ አገሯ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት የሻንጣ ሱቅ ለመክፈት ቤት ይዛለች፤ የመጀመሪያውን ዕቃ በካርጎ ልካ፣ ተከትላው ልትገባ።

ከዚያ ወዲያ ተማሪዬ ሆነች። መምህር መሆን ለካ ይጣፍጣል። «ማንም ይሁን ማን፣ ሰጅሉን ሳታይ ቀብድ እንዳትከፍዪ» እላታለሁ። «እሺ ጋሼ» ትላለች።

በዚያ ሰሞን በነጋዴዎች የዋትሳፕ ግሩፕ አንድ ሰው የሻንጣ ፎቶ ለጠፈ። ሦስቱ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ጠንካራ ሻንጣዎች፣ ዋጋቸው እኛ ከምናስመጣበት በብዙ ያነሰ። ደወልኩ። አማርኛው የኛው ነው። የመካ ድርጅት ወኪል ነኝ አለ፤ ስድሳ ሺህ ሪያል የሚያወጣ ዕቃ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ይፈልጋሉ፤ አሥራ ስምንቱን ሺህ ቀብድ፣ የቀረውን ዕቃው ሱቅ ሲራገፍ። ለከፊሌ ነገርኩት። «አንተ ካየኸው ኸላስ» ብሎ አሥራ ሁለት ሺህ ላከልኝ። ስድስቱን ሺህ፣ ለሱቋ ከዕቃው ልትካፈል፣ የጎጃሟ ተማሪዬ አመጣች።

ስትሰጠኝ፣ «መጋዘኑ ጅዳ ቢሆን ራሴ ሄጄ አየው ነበር» አለች። «መካ ነው አልከኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ አያስገቡኝም። እንግዲህ ያንተ ዓይን ነው ዓይኔ።»

«አይዞሽ፣ የኔ ዓይን ያንቺን ያህል ዚፕ ባይጎትትም ወረቀት ያነባል» አልኳት። ሳቀች።

መካ የተቃጠርነው ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ አካባቢ አንድ ካፍቴሪያ ነው። ሰውየው ኢሕራም፣ የሐጅና የዑምራ ጉዞ ልብስ ለብሶ ጠበቀኝ። ሁለት ነጭ ጨርቅ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሐጂ፣ አፍወን፣ ይቅርታ፣ ዑምራዬን ሳልጨርስ አስቸገርኩህ» አለኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን ከመካ ደጃፍ ኖሬ ሐጅ አላደረግሁም። «ሐጂ» ሲለኝ አላረምኩትም። ጆሮዬ ወደደው።

ሰጅሉን ጠየቅሁት። በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ፣ ወዲያውም ላከልኝ። ቁጥሩ በእጄ ነበር። የሚኒስቴሩን ገጽ ለመክፈት ጣቴን ስዘረጋ አየኝና ቀስ ብሎ፣ «ሐጂ፣ ከጠረጠርከኝ ተወው። በዚህ ልብስ ላይ ሆኜ ክርክር አልፈልግም። ወላሂ፣ ለሌላው እሰጠዋለሁ» አለ።

ወሎ ያደገ ሰው ይኼን ያውቃል። ኢሕራም ከለበሰ ሰው ጋር መጨቃጨቅ ነውር ነው፤ እሱን ኃጢአት ውስጥ ታስገባለህ፣ ራስህም ትገባለህ። የየመኑን ሽማግሌ ወረቀት ያስወጣሁት ሰው፣ ስልኬን በግንባሩ ደፋሁት። መጋዘኑስ ስለው፣ ጠባቂው ሄዷል፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው አለና ቪዲዮ አሳየኝ። የባንክ ሒሳቡ የግለሰብ ስም ነበር። የድርጅቱ ሒሳብ እየታደሰ ስለሆነ የወንድሙን ነው የሰጠኝ። ለዚህ ሁሉ መልሴ «ማሻአላህ» ነበር።

ሁሉም ነገር ግን ፊቴ ነበር፤ አለማየቴን ልናገር አልችልም። ኢሕራሙ ከካርቶኑ ገና የወጣበት እጥፋት ነበረው፤ ጫፉ ላይ የዋጋ ወረቀት ተልጦ ሙጫው ቀርቷል። ብርድ ልብስ ሻጭ ነኝ፣ ሙጫ አይቼ እንዴት አልፋለሁ? አለፍኩ። ሽቶም ይሸት ነበር፣ ደህና አድርጎ። ኢሕራም የለበሰ ሰው ሽቶ እንደማይነካ ሕፃን ያውቃል። አፍንጫዬ ነገረኝ፤ ዝም አሰኘሁት።

ስመለስ ባሕራ ላይ ለሻይ ወረድኩ። ገንዘቡ ገና በእጄ ነው። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ተማሪዬ ደወለች።

«ጋሼ፣ አየኸው?»

«አየሁት።»

«ድርጅቱ አለ? መዝገቡን አጣራኸው?»

እኔው ያስተማርኳት ጥያቄ ነው። ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ፤ «ቆይ መልሼ ልደውልልሽ» ብል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ሙፈቲሹ ሳያጣራ ተመለሰ ሊባል ነው። በአንዲት የቤት ሠራተኛ ፊት።

«አጣርቻለሁ» አልኳት።

«ተመስገን። በቃ ላክለት።»

ዘጋችው። ውሸቱን ተከትዬ እውነት ላደርገው አስቤ ነበር፤ ጅዳ ስገባ አየዋለሁ ብዬ። መንገድ ላይ ሰውየው፣ ሌላ ገዢ ገንዘብ ይዞ ቆሟል ብሎ ጻፈልኝ። ሱቁ ደርሼ ቁጭ ሳልል አሥራ ስምንቱን ሺህ በስልኬ ላክሁ። በነጋታው ጠዋት ሱቁን ከፍቼ፣ ያቺን ሰጅል አውጥቼ ቁጥሩን አስገባሁ። ስሙ ወጣ፤ የሻንጣ አይደለም፣ በሌላ ከተማ ያለ የመኪና ማጠቢያ ነው። ከስሙ ሥር ያለችው ቃል «የተሰረዘ» ትላለች። ፎቶው ላይ ያለው የድርጅት ስም በሰው ቁጥር ላይ የተጻፈ የውሸት ስም ነበር።

ደወልኩለት፤ ስልኩ ተዘግቷል። ባንኬ ጋ ደወልኩ፤ አቤቱታውን ተቀበሉ፣ ገንዘቡ ግን የገባበት ሒሳብ ውስጥ አልቆየም ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለኝ መኮንን ወጣት ነው። ወረቀቱን እየጻፈ፣ «ሰጅሉን ፈልገኸው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«መቼ?»

«ዛሬ።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። «አጎቴ፣ ከከፈልክ በኋላ መፈለግ የኛ ሥራ ነው» አለ። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ ቀልዱን ሰርቄ ሱቅ ውስጥ እናገረው ነበር።

ለከፊሌ የዚያኑ ዕለት ነገርኩት። አልጮኸም። «አንተ?» ብቻ አለ። ከደሞዜ እየተቆረጠ እንድከፍል ተስማማን። ለሷ ግን አልደወልኩም። ደውላ ስትጠይቀኝ «እየተጫነ ነው» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ፤ ይኼም ያሳፍረኛል።

ዓርብ ዕለት መጣች። በፌስታል ሰፊ የካርቶን ፕላስተር ጥቅልና ጥቁር ማርከር ይዛለች፤ በካርቶኖቹ ላይ የከተማዋን ስም ልትጽፍ።

«ጋሼ፣ ካርቶኖቹ የታሉ?»

«ተቀመጪ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም፣ ማዳም ለመግሪብ ሶላት ተመለሺ ብላኛለች። የታሉ?»

ነገርኳት። ሌባውን፣ ኢሕራሙን፣ የወንድሙን ሒሳብ። ቆማ ሰማችኝ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ወይኔ ጋሼ፣ አንተንም በላህ?» አለች። ያዘነችው ለኔ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል፣ እንዳዘነችልኝ ትሄድ ነበር።

«አላጣራሁም ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«ባሕራ ላይ ስትጠይቂኝ። ሰጅሉን አላየሁትም ነበር። ገንዘቡም ያን ጊዜ ገና እኔ ጋ ነበር።»

ፌስታሏን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«አላየሁም ብትለኝ እኮ፣ ‹እየው› እልህ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሰውየው በላኝ...»

«አንተን ሰውየው በላህ። እኔስ ማን በላኝ ልበል?»

ገንዘቧን እስከ መጨረሻዋ ሪያል እንደምመልስ ነገርኳት። «መቼ?» አለች። ከደሞዝ እየተቆረጠ የሚመለስ ገንዘብ ለኸሩጅ እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ፌስታሏን ረስታ ወጣች። ተከትዬ አልጠራኋትም።

ኮንትራቷን እዚያው ማዳም ቤት አደሰች። የያዘችውን ቤት ሌላ ሰው ተከራየው፤ ጫማ ይሸጥበታል ብላ ነገረችኝ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ስልክላት። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሲደርሳት «ደርሷል» ብላ ትጽፋለች፤ ሌላ ቃል የለም። ጋሼ የሚለውን ተወችው። ዓርብም ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ልታይ መጥታ አታውቅም።

ሰፈሩ ግን አሁንም ሙፈቲሹ ይለኛል። አንዳንዱ፣ «ሙፈቲሹ ካጣራው አትጠራጠር» እያለ ሰው ይልክብኛል። የሚመጡትን ቁጥሩን ራሳቸው በስልካቸው እንዲያስገቡ አደርጋለሁ፤ እኔ ስክሪኑን አልነካም።

ለከፊሌ አሥራ ሁለት ሺህ ሪያል፣ ተከፍሏል። ለሷ ስድስት ሺህ ሪያል፣ ተከፍሏል። ከሌባው የተመለሰ የለም። ፕላስተሩና ማርከሩ ሱቁ ውስጥ አሉ። ቀሪ ዕዳ፣ ዜሮ።