በአርባ ደቂቃ ግጥሙን ሰበክሁት

ያን የፈተና ጽሑፍ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ማትሪክ ከመውሰዴ በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ የኮሮና ጊዜ። ፈተና ክፍል ውስጥ ማስክ አድርገን ተራርቀን ተቀምጠናል። ሳኒታይዘሩ እጄ ላይ ሙጫ ሆኖ ወረቀቱን ያጣብቀዋል፣ የገዛ ትንፋሼ ራሴን ይሸተኛል። ከእንግሊዝኛ ስድሳ ካላመጣሁ ስኮላርሺፔ ይቋረጣል። አባቴ ደግሞ በተሰደድንበት አገር፣ ቶኮዛ በሚባል ሰፈር ካለችው ስፓዛው፣ ከትንሿ የሸቀጥ ሱቁ፣ በሚያገኘው የዚያን ትምህርት ቤት ክፍያ አይችለውም።

የቀረበልን አይተነው የማናውቀው ግጥም ነበር። መምህራችን አሠራሩን በስልክ ስትደጋግምልን ከርማለች፤ አሥር ደቂቃ አንብቡ፣ አስምሩ፣ አቅዱ፤ ሃያ አምስቱን ጻፉ፤ አምስቱን አርሙ። የሚናገረው ማን ነው? ስሜቱ የት ላይ ይለወጣል? ለምትሉት ሁሉ ከግጥሙ ቃል ጥቀሱ፣ ቃሉ የሚሠራውንም አሳዩ።

ግጥሙ የሕንጻ ደረጃ ስለምታጥብ ሴት ነው። ተናጋሪው ነዋሪ ነው፤ እርጥቡን ረግጦ ያልፋል። እስከ መሃሉ «ሴትየዋ» ይላታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ባልዲውን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ጫማው እንዳይርስ ይጨነቃል። እቅዴ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ተናጋሪው ሴትየዋን ቀስ በቀስ ከዓይኑ ያጠፋታል፤ ግጥሙ የሚፈርደው በእሱ ላይ ነው።» ትክክል ነበርኩ፤ ስምንት ደቂቃ እንኳ አልሞላኝም።

ግን የቸርች ልጅ ነኛ! ሜይፌር ሰፈር ባለው ቸርቻችን በነበረን የወጣቶች ፕሮግራም ጥቅስ በድንገት ይሰጥሽና ትንሽ አስበሽ፣ ቆመሽ ትሰብኪያለሽ፤ ሦስት ነጥብ፣ ከዚያ «ለሕይወታችን ምን ይላል?» በዚህ የሚስተካከለኝ አልነበረም። እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ሲነካ ያ ልማድ ተነሳብኝ። አንደኛ ትሕትና፣ ሁለተኛ ትዕግሥት፣ ሦስተኛ ሰማያዊ ብድራት። ግጥሙ ስለ ትዕግሥቷ አንዲት ቃል አላለም። እኔ ከመሬት ተነስቼ ቅድስት አደረግኋት፤ መንበርከኳንም ጸሎት አልኩት። አምስት ደቂቃ ሲቀር እቅዴን መልሼ አነበብኩና የሠራሁት ገባኝ። መጨረሻውን እንኳ ሰርዤ ስለ ተናጋሪው ሁለት መስመር መጻፍ እችል ነበር። የጽሑፌ ድምፅ ስላማረኝ ግን ኮማ ብቻ አስተካክዬ አስረከብኩ።

ከሃያ አምስት ዘጠኝ አገኘሁ። መምህሯ ግርጌው ላይ «እቅድሽ ላይ ያለውን ለምን አልጻፍሽውም?» ብላለች። የእንግሊዝኛ ድምሬ ሃምሳ አራት ሆነ፤ ስኮላርሺፑም ቀረ።

አባቴ እንግሊዝኛው ከደንበኛ ጋር ከመነጋገር ብዙም አያልፍም። ያን ወረቀት ግን መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው ተረዳው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ንጹህ መልእክት ነው! ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሽው? እሁድ በዙም ታካፍዪናለሽ።»

እሁድ ለቸርቹ ሰው አነበብኩላቸው። አንድ በአንድ ማይካቸውን እየከፈቱ አሜን አሉ፣ እናቴም አለቀሰች። ለገዛ ራሴ የቀፈፍኩት ያኔ ነው፤ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ አሜናቸው ደስ ብሎኝ ነበር።