«ቡዳ» የሚለው መለያ ቃል

ደብረ ታቦር ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ ባሕር ማዶ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚሸጡ የእጅ ሥራዎችን ርዕስና መለያ ቃል እጽፍ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ስለሌለኝ ሥራውን ደስ ብሎኝ ያዝኩት። ሱቁ ያለው በይነመረብ ገበያ ላይ ነው። ባለቤቱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ውጭ አገር የሚኖር ሰው ሲሆን የሱቁ አካውንትም የተከፈተው እዚያ፣ በእሱ ስም ነው። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ዕቃውን በጭድና በካርቶን አሽጌ እልክለታለሁ፤ ለገዢው የሚያደርሰው እሱ ነው። ዛሬ ያን ክፍል ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ሥራውን ግን እወደው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ገዢው ዕቃውን የሚያገኘው በሚጽፈው ቃል ነው። አንዲት ልጅ እናቷ ቤት ያየችውን የሸክላ ወጭት ስትፈልግ፣ ስሙን በላቲን ፊደል አፏ ላይ እንደመጣላት ትጽፈዋለች። አንዷ በ«ደብልዩ ኢ»፣ ሌላዋ በ«ደብልዩ ኦ»፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ስሙ ጠፍቷት «የኢትዮጵያ የወጥ ሳህን» ብላ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ ርዕሱ ላይ አደርገዋለሁ፤ ሌሎቹን መለያ ቃላቱ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ለአንድ ዕቃ የሚፈቀደው አሥራ ሦስት መለያ ቃል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም አጭር መሆን አለበት። ከዚያ የተሠራበትን ነገር፣ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ማን እንደሠራው መሙላት አለ። ገበያው «ማይክሮዌቭ ውስጥ ይገባል ወይ?» ብሎ ሁሉ ይጠይቃል። ያንን ባዶ ትቼው ለብቻዬ እስቃለሁ።

ወጭቶቹን የሚሠሩልን በጋፋት በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። አፈሩን ራሳቸው ቆፍረው፣ ራሳቸው ፈጭተው፣ ራሳቸው ያቦካሉ። በእጃቸው ያለፈ ወጭት ጠርዙ እንደ ከንፈር የለሰለሰ ነው። አንድ ቀን ሲሠሩ ፎቶ ላነሳቸው ስጠይቅ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «ፊቴንም ታነሽው እንደሆን ልታጠብ» አሉኝ። ታጠቡና ተነሡ። ፎቶውን ከወጭቱ ሥዕሎች መጨረሻ ላይ አስገባሁት፤ የባለሙያዋ ፊት ሲታይ ገዢ ደስ ይለዋል።

ሴት ልጃቸው ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር ቁርስ ቤት ከፍታለች። ፍርፍርና ፉል ታቀርባለች፤ ጠዋት ጠዋት እኔና የትምህርት ቤቴ ሰዎች ከእሷ ዘንድ አንጠፋም ነበር። እናቷ ግን በፊት ለፊት በር ገብተው አያውቁም። ሲመጡ በጓሮ ዞረው፣ ልጃቸውን ሳም አድርገው ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ የአገሩን ልማድ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ፋቂን ቡዳ ማለት የቆየ ነውር ነው። ቡዳ የተባለ ሰው ደግሞ በዓይኑ ይበላል ተብሎ ይፈራል፤ እሱ እያየ ምግብ አይበላም። ልጅቷ ከሸክላ ሠሪ መወለዷን ደንበኞቿ አያውቁም ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ባለሱቁ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው ወደ ሱቃችን እንደገቡ ገበያው ያሳየዋልና፣ ሲደውል ወሬው ሁሉ የቃል ወሬ ነው። አንድ ሰሞን የእንግሊዝኛው «ክፉ ዓይን» ገበያውን አጥለቅልቆታል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰማያዊ ዓይን የተሣለበት አምባርና የአንገት ጌጥ በዚያ ቃል እንደ ጉድ ይሸጣል። «ወጭቱ ላይ ጨምሪው» አለኝ።

«ወጭትና ክፉ ዓይን ምን አገናኘው? አምባር የፈለገ ሰው ወጭት ሲያይ ትቶ ይወጣል። ገብቶ የሚወጣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ገበያው ራሱ በፍለጋው ዝርዝር ወደ ታች ያወርደናል» አልኩት።

«እሺ፣ እኔ አስብበታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አሰበበት። በማግስቱ ከሰዓት ገብቼ ሱቁን ስከፍት የወጭቱ ርዕስ ተለውጧል። እኔ «በእጅ የተሠራ የሸክላ ወጭት፣ የወጥ ማቅረቢያ፣ ከደብረ ታቦር» ብዬ የጻፍኩት ጠፍቶ፣ በእንግሊዝኛ «ቡዳ ሸክላ ሠሪ የሠራችው የክፉ ዓይን ወጭት» የሚል ተተክቷል። «ቡዳ» የምትለው ቃል በላቲን ፊደል ጉብ ብላለች። ከሥሩ የእናትየው የታጠበ ፊት ፈገግ ብሎ ያያል። ይባስ ብሎ ዕቃዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ በሚያስተካክለው መንገድ ቃሏን መለያ አድርጎ በሱቁ ላይ ነዝቷታል። ጋቢው ቡዳ፣ ሰፌዱ ቡዳ፣ ባናው፣ የጉና በግ ጸጉር ብርድ ልብሱ፣ ቡዳ። 

ደወልኩለት። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ይህን ቃል የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ምነው? ባህል እኮ ነው። ፈረንጁም የእኛም ሰው ታሪክ ያለው ዕቃ ይወዳል።»

«በእንግሊዝኛው ዓይኑ ነው ክፉው። በእኛ ቋንቋ ግን ቡዳ ማለት ሰውዬው ነው፤ ሴትየዋ ናት! አንተ ደግሞ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ አይደለም፤ እዚህ ነው ያደግከው።»

«አሁን በዚህ ዘመን ማን ያምንበታል፣ እህቴ? እዚህ እንስቅበታለን።»

እሱ እዚያ ይስቃል። ሳቁ በስልክ ሲመጣ ራሱ ጆሮዬን ያቆሸሸው መሰለኝ። ርዕሱን መለስኩት፤ መለያዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ ፎቶውንም አወጣሁት። ግን በዚያች አንድ ቀን ውስጥ አንድ ወጭት ተሸጦ ነበር። የተሸጠ ዕቃ ደግሞ በተሸጠበት ርዕስና ሥዕል በገዢው ደረሰኝ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ እኔ ብለውጠው እዚያ አይለወጥም። የገዛችው የዚሁ አገር ልጅ ናት። እናትየውን በፊታቸው አወቀቻቸው። የደረሰኙን ገጽ ከነርዕሱ ፎቶ አንሥታ፣ የደብረ ታቦር ልጆች ተሰብስበው በሚያወሩበት ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው። በክፋት ይሁን በመገረም አላውቅም። ከሥሩ ግን አንዱ «ልጇ እኮ ቁርስ ቤት አላት» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው የቁርስ ቤቱን ቦታ ጨመረበት።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነው ይበልጥ ያስጠላኝ። ሳምንት ሳይሞላ የትምህርት ቤታችን ሰዎች ቁርስ የሚበሉበትን ለወጡ። ያልተማሩ ገበሬዎች ቢሆኑ ባልገረመኝ። እነዚህ ግን ባዮሎጂ የሚያስተምሩ፣ ሥነ ዜጋ የሚያስተምሩ፣ ስለ እኩልነት ሰሌዳ ሙሉ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። የባዮሎጂውን መምህር «ወዴት ነው?» ስለው «ሆዴን ሰሞኑን አሞኛል፤ ፉሉ አልተስማማኝም» አለኝ። ዓመት ሙሉ ሲስማማው የኖረ ፉል! «ሆድህን ነው ወይስ ጭንቅላትህን?» አልኩት፤ እንዳልሰማ ሆኖ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲቀመጡ ማየት ያንገሸግሸኛል።

እናትየው ወሬው ደርሷቸው ወደ ክፍሌ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ልጄ፣ ምን ብላችሁ ነው የጻፋችሁብኝ?» አሉ።

«እማማ፣ ይግቡና ይቀመጡ።»

«ግዴለም። እስቲ አንብቢልኝ።»

ማንበብ ነበረብኝ። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እያዞርኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው።  በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ።

«ለእኔስ አዲስ ነገር አይዶለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሉኝ የኖሩት ነው» አሉ። «እሷ ግን ሰው ታበላለች። የኔን ፊት ከዚያ አጥፊልኝ፤ ልጄ ሰው ታበላለች።»

ከእኛ ገጽ ላይ እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው። ቴሌግራም ላይ ያለውን ማጥፋት እንደማልችል ግን ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። እሳቸውም አልጠየቁኝ። ያመጡትን ወጭት ሳያስረክቡኝ እንደታቀፉት ወደ ጋፋት ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት ባለሱቁ ርዕሱን እንደገና ወደ ራሱ መለሰው። ፎቶውንም መልሶ ሰቀለው፤ ለካ ቅጂ አስቀርቶ ነበር። ደውሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ ሰው እየገባ ነው፣ ወጭቱ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ትንሽ ታገሺ አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እሱ እያወራ የሱቁን ዕቃ ሁሉ ከሽያጭ አወረድኩ። ወጭቱም፣ ጋቢውም፣ ባናውም ከገበያው ጠፉ። ሲደርስበት ጮኸ፤ የአገሩን ስድብ አልረሳም፣ ያወረደብኝን እዚህ አልደግመውም። ወዲያው መግቢያዬን ዘጋብኝ። ዕቃዎቹንም እንደገና ሰቀላቸው፤ ቃሏ ዛሬም እዚያ ናት፤ አንዳንዴ ከስልኬ ገብቼ አያታለሁ፤ ባየኋት ቁጥር ምራቄ ይመርረኛል።

ዕቃውን ባወረድኩ በነጋታው ጠዋት ወደ ቁርስ ቤቱ ሄድኩ። ወንበሮቹ ተወልውለው ተደርድረዋል፤ ሰው የለም። ልጅቷ ስታየኝ ደነገጠች፤ ከዚያ ቶሎ ብላ ፍርፍር ሠርታ አመጣችልኝ። ትኩስ ነበር፤ ቅቤው ከሩቅ ይሸታል። አጠገቤ እንድትቀመጥ ወንበር ሳብኩላት። እሷ ግን ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

«ምነው?» አልኳት።

«ይብሉ መምህርት። እስኪጨርሱ ድረስ አላይም» አለችኝ።

«ኧረ ዙሪ» አልኳት። አልዞረችም።