ጭረቱ ወረቀቱ ላይ ነበር

አጸደ ፈረንሳይኛ አትችልም። ሆኖም አሶሳ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሰው የፈለገ ወደ እሷ ይላካል።

የምትሠራው ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ባለ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነው። ማክሰኞና ዓርብ አንድ የስደተኞች ድርጅት ከሸርቆሌ መጠለያ በሚኒባስ የሚልካቸው ኮንጎአውያን በእጅ የጻፉትን ይሰጧታል። እሷ በኮምፒውተር ትገለብጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ድባጤ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። በ2013 ዓ.ም. ባሏ የሺዋስ ወደ ማሳው እንደወጣ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ስላለው አታወራም።

ፈረንሳይኛው ተስማምቷታል። አማርኛ ስትጽፍ ሳትፈልግ ታነባለች። ፈረንሳይኛ ግን ከዓይኗ ወደ ጣቷ ያልፋል፤ መሃል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለም። ቤት ተቃጠለ የሚለውንም ልጅ ተወለደ የሚለውንም በአንድ ፍጥነት ትጽፈዋለች።

ፊደሉን ያስተማራት ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ቦዔዝ ነው። ኡቪራ በምትባል የኮንጎ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጦ ጭረቶቹን አንድ በአንድ አሳያት።

«ይሄ ጌጥ አይደለም» አላት። «e ላይ ወደ ቀኝ የሚወጣ ጭረት ካለ ‹ኤ› ነው። ቃል መጨረሻ ላይ ባዶውን ከቀረ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ወደ ቀኝ የሚወርደው ጭረት አፍ ይከፍታል። c ሥር ጭራ ካለ ‹ስ›፤ ከa፣ ከo፣ ከu በፊት ጭራው ከጠፋ ‹ክ›። ፍራንስዋዝ የነበረው ሴት ፍራንክዋዝ ይሆናል።»

«እንደኛው ነው» አለች አጸደ። «ለ ቅጥያው ካልገባለት ሊ አይሆንም።»

«አዎ። ግን ድምፅ የማይቀይርም አለ። a ‹አለው› ነው። à ‹በ› ወይም ‹ወደ› ነው። ጆሮ አይለየውም። ዓይን ብቻ።»

ያዘች። ግን የኮምፒውተሩ ሰሌዳ እንግሊዝኛ ነበር፤ መብራትም ይሄዳል። ስለዚህ የለመደችውን አደረገች። የድባጤው የጽሕፈት መኪና አንዳንድ ቅጥያ ስለማይመታ ታይፒስቶቹ ፊደሉን ባዶውን መትተው፣ ወረቀቱ ሲወጣ ቅጥያውን በእስክሪብቶ ይጨምሩ ነበር። አጸደም ፈረንሳይኛውን ባዶውን ጻፈች፣ አተመች፣ ከረቂቁ እያየች በቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ ጭረቶቹን አስገባች። አንድም አልሳተችም። ቦዔዝ ወረቀቶቹን እያነበበ በእርካታ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

በኋላ የስደተኞቹን ጉዳይ ውጭ አገር የያዙ ጠበቆች በኢሜይል ላኩልን ማለት ጀመሩ። አጸደ ወረቀቱን ለባለቤቱ ሰጠች፤ ፋይሉን ላከች። ፋይሉ ላይ ጭረት እንደሌለ አላሰበችም። ለእሷ ደብዳቤ ማለት ወረቀቱ ነበር።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ቦዔዝ ከአንዲት ረጅም ሴት ጋር ገባ።

«እትዬ አጸደ፣ ይሄ ዓፊያ ነው። ሰኔ ላይ ጽፈሽለታል።»

«ጽፈሽላታል በል፣ መምህር» አለ የቤቱ ባለቤት ሁንዴሳ ከፎቶኮፒው ጀርባ። «ሴት ናት።»

«አማርኛ ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሆነኝ። ሴቱን ገና አላገኘሁትም።»

ዓፊያ አልሳቀችም። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንዱ ሰኔ ላይ አጸደ የጻፈችው ነው። ሌላው ቤልጅየም ካለ ጠበቃ የመጣ ነው።

ቦዔዝ ጉዳዩን ነገራቸው። የዓፊያ እህት ቤልጅየም ትኖራለች፤ ዓፊያንና ልጇን ሞኢዝን ልትወስድ አመልክታለች። ልጁ ኮንጎ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል። ዓፊያ በቃለ መጠይቁ ይህንኑ ተናግራለች። በኢሜይል የገባው ደብዳቤ ግን ልጁ የሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም ነው ይላል። ቃሏ ተጋጭቷል። እስከ ቅዳሜ ካላስረዳች መዝገቡ ይዘጋል፤ ልጁም ባለበት ይቀራል።

አጸደ ፋይሉን ከፈተች። Mon fils Moise est interne a l'hopital. ወረቀቱን አጠገቡ ያዘች። Mon fils Moïse est interné à l'hôpital.

«ባዶው ‹ኧንተርን› ነው፤ ተለማማጅ ሐኪም» አለ ቦዔዝ። «ጭረት ያለው ‹ኧንተርኔ›፤ የተዘጋበት። እዚህ ስሙም ‹ምዋዝ› ሆኗል። i ላይ ሁለት ነጥብ ከሌለ ሞ-ኢዝ አይባልም።»

«ወረቀቱ ላይ አለ» አለች አጸደ።

«ወረቀቱ ላይ አለ። እነሱ ወረቀቱን አላዩም።»

ሁንዴሳ መጣ። ሁለቱን አየ፤ ገባው።

«የሴትየዋ ረቂቅ እንደዚያ ነበር በይ» አለ። «ረቂቁ አሁን የት አለ? ድርጅቱ ስህተታችን መሆኑን ከሰማ ሰው ከሚልክባቸው ቤቶች ዝርዝር ያወጣናል። ግማሹ ሥራችን የእነሱ ነው፣ እትዬ።»

ዓፊያ በስዋሂሊ ምን አለ ብላ ጠየቀች። ቦዔዝ አልተረጎመላትም።

«ኮምፒውተሩ አጠፋው ማለት ይቻላል» አለ ቀስ ብሎ።

«ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? እኔ ነኝ ያላስገባሁት።» አጸደ ወንበሯን አስጠጋች። «ፋይሉ ላይ የሚገባበት መንገድ ካለ ንገረኝ።»

ነበረ። ቦዔዝ ከደብተሩ ቁጥሮች አነበበላት። Alt የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ በቀኝ በኩል ባሉት ቁጥሮች መጻፍ ነው። é 130። ç 135። à 133። ô 147። ï 139። አጸደ ቁጥሮቹን በጣቷ መዳፏ ላይ ደጋገመቻቸው።

«ይሄ መንገድ ሰኔም ላይ ነበር?» አለ ሁንዴሳ። «ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ጭረት ሦስት ቁጥር ባለመምታት?»



ከዚያ አጸደ ከዚህ በፊት ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«ደብዳቤው ምን ይላል? ከላይ ጀምር። ሳላውቀው አስረዳለሁ ብዬ አልፈርምም።»

ቦዔዝ ዓፊያን አያት። ዓፊያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቦዔዝ ባልተስተካከለው አማርኛው እየተረጎመ አነበበ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ ከደጅ ሲወሰድ አየ። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መናገር አቆመ፤ በር ባየ ቁጥር ይዘጋዋል። እናትየዋ ሆስፒታል አስገባችው። ጦርነቱ ሲመጣ ጥላው ወጣች። ይህንን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች።

አጸደ እየሰማች ጭረቶቹን በቁጥሮቹ ፋይሉ ላይ አስገባች። ሲያልቅ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ከዚያ ሌላ ባዶ ገጽ ከፈተች። በአማርኛ ነገረችው፤ እሱ ፈረንሳይኛውን ጻፈላት፤ እሷ ገለበጠችው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጭረቶቹን በእስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ አስገብቼ ፋይሉን ባዶውን ላክሁ። ወይዘሮ ዓፊያ የሰጠችኝ ረቂቅ ትክክል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈረመች። የሰኔውንና የፈረመችውን ወረቀት ስካን አድርጋ ከታረመው ፋይል ጋር ላከች። ሁንዴሳ በር ላይ ቆሞ ባጃጆቹን ያይ ነበር።

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ጠበቃው መለሰ። ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቷል፤ መዝገቡ አልተዘጋም። ውሳኔ ገና ነው። በዚያው ሳምንት ድርጅቱ ስህተቱን ሰምቶ ቤቱን ከዝርዝሩ አወጣው። ሁንዴሳ ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን አንድ ማመልከቻ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ። «አማርኛ ነው» አለ።

ባዶውን የተላኩ ሌሎች ስልሳ ሦስት ፋይሎች ነበሩ። ወረቀቶቹ በባለቤቶቹ እጅ ናቸው፤ ከፊሎቹ ሰዎች ከሸርቆሌ ሄደዋል። የትኛው e ጭረት እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ድርጅቱ ባይልከውም ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ቦዔዝ በራሱ ይመጣል። እሱ እያነበበ ይተረጉማል፤ እሷ ቁጥሩን ትመታለች።

የመጀመሪያው ፋይል የአንዲት አሮጊት ነበር። ቦዔዝ አንድ መስመር አንብቦ ቆመ።

«ይሄ ስለ ባሉ ነው» አለ። «ሌላውን እናስቀድም?»

«ባሏ ምን ሆነ?»

«ወደ እርሻ ወጣ።»

አጸደ ጣቷን Alt ላይ አኖረች።

«ቀጥል» አለች።