«እስከ ከተራ ፎቶሽን ለጥፊ»

«‹ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!› ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ! ይሄ ደግሞ ምን ዕቅድ ያስፈልገዋል?»

እትዬ አመተ ሥላሴ ናቸው። ሸማ ተራ ቀሚስ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመታቸው ነው፣ ቀስ ብለው ማውራት ከተዉም እንደዚያው። የሱቁን ኢንስታግራም የምትይዘው እምነት በረጅሙ ተነፈሰች።

«እትዬ፣ እሱን ተራው ሁሉ ጽፎታል። ሰው ሃሽታጉን ሲነካው የማንም ሱቅ ቀሚስ ነው የሚዘረገፍለት፤ የእኛ በምን ይለያል? አጭርና የእኛ ብቻ የሆነ ሃሽታግ ይሁን።»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው #የአመተሥላሴ_ጥለት አሉ።

«መሃሉ ላይ ያቺ ጭረት ምንድናት?»

«ባዶ ቦታ ከተውኩ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል፣ እትዬ።»

ከሥሩ እምነት እንዲህ ጻፈች፦ «ከእኛ የገዛሽውን ቀሚስ ለብሰሽ ፎቶ ተነሺ፣ በሃሽታጋችን እስከ ከተራ ፎቶሽን ለጥፊ። አካውንትሽ ካልተቆለፈ እናየዋለን። ለምርጧ ነጠላ እንሸልማለን።»

አምስት ቀን አለፈ። አንድ ፎቶ የለም። ባዶ!

እትዬ ከመደርደሪያው ሥር ሆነው በየሰዓቱ ያደርቋታል። «መጣ?» «አልመጣም።» «አሁንስ?» በመጨረሻ፣ «እስከ ከተራ ካልመጣ ገጹን የእህቴ ልጅ ሚኪ ይያዘው» አሉ። እምነት ሦስት ዓመት የለፋችበትን ገጽ! ሚኪ እኮ የራሱን ጫማ እንጂ ሌላ ነገር ፎቶ አንስቶ አያውቅም።

በንዴት ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀሚስ ለገዛችው ለሀኒ ደወለች።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ሀኒ፣ ያቺ ቀጭን ድምጿ እየተንጫረረች። «ከበዓሉ በፊት ላሳየው? ጎረቤቴ ጥለቱን አይታ ነገ ለልጇ ታሰፋዋለች! እኔ ከባሌ ራሱ ደብቄዋለሁ። ታቦት ሳይወጣ አይታይም፣ በቃ!»

እምነት ግንባሯን በመዳፏ መታች። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወልዳ አድጋ ይሄ ይጠፋታል? ቁጭ አለችና ጽሑፉን አስተካከለችው፦ «አሁን ደብቂው! ማንም እንዳያይብሽ። ጥምቀት ዕለት ለብሰሽ ውጪና ለጥፊ፤ እስከ ቃና ዘገሊላ ማታ እንጠብቃለን።»

እትዬ ጮሁ። «በዓሉ ካለፈ በኋላ ማን ሊገዛ?»

«ጥር እኮ ሰርግ ነው፣ እትዬ! ሙሽሮችና ሚዜዎች ያዩታል።»

እትዬ እያጉረመረሙ ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ። ከአዲሱ ጽሑፍ ሥር ግን «ደብቄዋለሁ!» «የእኔ ሳጥን ውስጥ ነው!» የሚል አስተያየት ይጎርፍ ጀመር።

«አስተያየት ይለበሳል?» አሉ እትዬ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ገጹን እስከ ቃና ዘገሊላ ያዢው። ከዚያ በኋላ ግን…» ብለው ጣታቸውን አወዛወዙባት።

የእምነትስ ቀሚስ? እሱም ትራስ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ጥለቱ ከታች አረንጓዴ ሆኖ፣ ደረቱ ላይ…

«ኧረ ተው! ገና ጥምቀት አልደረሰም፣ አትጻፍ አልኩህ!» አለችኝ እምነት፣ ይህን ስጽፍ አይታ።