ሦስተኛው ችካል

ቃሊቲ ውስጥ መጋዘን ሊሠራበት የታሰበ ግቢ ስንቀይስ ሦስት የኮንክሪት ችካሎች ቀብረን ነበር። ቦታቸውን በጂፒኤስ፣ ከፍታቸውን በሌቭል ለካን። ካርታው በሙሉ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው፤ የጎርፍ ማፍሰሻው ቦይም በዚያው ካርታ ነው የሚነደፈው።

በሳምንቱ ለዝርዝር ልኬት ተመለስን። ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን ቶታል ስቴሽን አንደኛው ችካል ላይ ተክዬ ሁለተኛውን ሳይ ልኬቱ እንደ ቀድሞው ነው። ሦስተኛው ግን ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሏል። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ የማነጣጥርበትን መስታወት፣ ፕሪዝሙን፣ ችካሉ ላይ የያዘውን ባልደረባዬን ወቀስኩ።

ይሄኔ የግቢው ጥበቃ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ተሳቢ መኪና ሊጨፈልቀው ሲል ቆፍሬ አውጥቼ ወደ አጥሩ ጠጋ አደረግሁት። አትስጊ፣ ሲሚንቶ ጨምሬ ነው የተከልኩት።»

«አባቴ፣ እኛ እኮ የምንፈልገው ድንጋዩን ሳይሆን ቦታውን ነው!»

«ቦታውማ የት ይሄዳል? የሚሰበረው ድንጋዩ ነው።»

ባልደረባዬ በሳቅ ፈነዳ። ሥራው እንደሚዘገይ በስልክ የነገርኳቸው የግቢው ሥራ አስኪያጅ ግን አልሳቁም። «ማነው የነካው? ስሙን ሪፖርቱ ላይ ጻፊልኝ፣ አባርረዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ይሰማል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን አዩ። አንጀቴን በሉት።

ዝውውሩን መደበቅ አይቻልም፤ በተሳሳተ ችካል የተነደፈ ቦይ ጎርፉን ወደ መጋዘኑ ይመልሰዋል። ስለዚህ ችካሉን ባለበት እንደገና ለካነው፤ አዲሱን ልኬት ከሁለቱ ችካሎች ጋር ስናመሳክረው ስህተቱ ከተፈቀደው በታች ሆነ። በሪፖርቱ መሣሪያዎቹንና የተገኘውን ትክክለኛነት ገለጽኩ፤ «ሦስተኛው ችካል ከመጀመሪያው ልኬት በኋላ ተዛውሯል፤ የቀድሞ መረጃው አይሠራም» ብዬም ጻፍኩ። የአጠቃቀም ገደብ የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ግን እጄ አላርፍ አለ።

«ይህ ቅየሳ ለድንበር ክርክር አያገለግልም። ያለ አፈር ምርመራ የሕንፃ መሠረት አይነደፍበትም። ጥቁሩ አፈር በክረምት ስለሚያብጥ የችካሎቹ ከፍታ እንደገና ሳይለካ አይታመንም። ለሠራተኛ ማባረሪያ ማስረጃም አይሆንም።»

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ቢሯቸው ውስጥ እኔ ፊት ሲያነቡ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ይቺ የመጨረሻዋ የሙያው ደንብ ናት?»

«የኔ ናት» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቅንቀው ሪፖርቱን ተቀበሉ። ስም አልጠየቁም።

ከክረምቱ በኋላ ከፍታውን ልፈትሽ ስሄድ ሽማግሌው በሩ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ችካል ዙሪያ ድንጋይ ደርድረው ኖራ ቀብተዋል። ቦርሳዬን ላሳርፍበት ጎንበስ ስል ጮኹብኝ።

«ተይ ልጄ! እሱን የነካ ይባረራል!»