ሳይፈረድ የታገደው ወፍጮ

አምቦ ፍርድ ቤት አጥር ሥር አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ሕጉን ግን ራሴ አንብቤ፣ ራሴ ጠይቄ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም አውቀዋለሁ። በምዕራብ ሸዋ ከኔ የተሻለ አቤቱታ የሚጽፍ ካለ ይምጣና እንተያይ።

አንድ ጠዋት አንዲት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ከባሏ ጋር የፍቺ ክርክር ላይ ናት። በትዳራቸው ያፈሩት ትልቁ ንብረት ጊንጪ ያለው የናፍጣ ወፍጮ ነው፤ ባልየው እዚያው ሆኖ ያስፈጫል።

«ጋሼ፣ ሊሸጠው ነው ይላሉ። ግን እሱ ራሱ ነው ሽማግሌ ይቀመጥ ያለው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ይቀመጣሉ። ቀድሜ ፍርድ ቤት ብሮጥ ሽማግሌ ናቀች አይሉኝም?»

«ወፍጮው ከሄደ ሽማግሌው ምን ሊያካፍልሽ ነው?»

እግሯ መሬቱን ይመታ ጀመር።

ፍርድ ቤት ሳይፈርድም ንብረት ያግዳል። ግን «ፈራሁ» ላለ ሁሉ አያግድም። የትኛው ንብረት እንደሆነና ግምቱን መግለጽ፣ ተከሳሹ ሊያሸሸው መሆኑንም በቃለ መሐላ ማሳየት ያስፈልጋል። እሷ በእጇ ያለው ወሬ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ኮቴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ ጊንጪ ሄድኩ። ከብት ነጋዴ መምሰል ለኔ ምንም አይደለም። አንድ ደላላ አገኘሁና የሚሸጥ ወፍጮ እንዳለ ጠየቅሁት።

«አለ እንጂ አባባ! ግን ፈጠን ይበሉ፤ ለነገ መኪና ተነግሮለታል። ባለቤቱ ሚስቱ ሳትነቃ መገላገል ነው የፈለገው» ብሎ ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

በማግስቱ የፍርድ ቤቱ ቢሮ ሲከፈት ቃለ መሐላችን ተዘጋጅቶ ነበር፤ የእሷም፣ በጆሮዬ የሰማሁት የኔም። ዳኛዋ አነበቡት፤ እሷን ጠየቁ፣ እኔን ጠየቁ። ከዚያ ትእዛዝ ሰጡ፦ ባልየው ቀርቦ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ወፍጮው ከነሞተሩ እንዳይሸጥ፣ ከቦታው እንዳይነሳ፤ ቀበሌው ከፖሊስ ጋር ቆጥሮ እንዲመዘግበው። ለባልየውም ቀጠሮ ተያዘ።

ደብዳቤው ተጻፈ። ማኅተም ያዡ የለም!

«ሻይ ወጥቷል» አሉን። እሷ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች። እኔ የአምቦን ሻይ ቤቶች ሁሉ አውቃለሁ፤ ከሦስተኛው ብርጭቆውን ሳይጨርስ አስነስቼ አመጣሁት። የጊንጪው ሚኒባስ ደግሞ ካልሞላ አልነቃነቅም አለ። «ባዶውን ወንበር ሁሉ እኔ እከፍላለሁ፣ ብቻ ንዳ!» ብላ ጮኸችበት።

ከቀበሌው ሹምና ከአንድ ፖሊስ ጋር ስንደርስ አይሱዙው ጀርባውን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሰጥቶ ቆሟል። የሞተሩ ብሎን ተፈትቷል። ባልየው እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ ወጣ።

«ተበላሽቶ ነው፤ ለጥገና ልወስደው ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «ኦቦ ጠበቃ፣ ፈቃድዎን ከየትኛው ሻይ ቤት አወጡት?»

ወረፋ ይዘው ከነበሩት ሴቶች የአንዷን ጆንያ ከፍቼ እጄን ከተትኩ። ዱቄቱ ሞቅ ያለ ነው።

«የተበላሸ ሞተር ነው ይህን የፈጨው?»

«የኔ ነው! አሁን ነው የተፈጨው!» አለች ባለጆንያዋ። «ቀሪውን ጤፌንስ ማን ሊፈጭልኝ ነው?» ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ፖሊሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ፣ «ተበላሸም አልተበላሸም፣ ከዚህ አይነሳም ነው የሚለው። መልሳችሁ እሰሩት» አለ። እውነቱን ነው፤ ለትእዛዙ የኔ ዱቄት አያስፈልገውም ነበር። ቢሆንም ጥሩ ነበር።

ወፍጮው ተቆጠረ፣ ተመዘገበ፤ ባልየው ሊጠብቀው ፈርሞ ተረከበ። መፍጨት አልተከለከለም።

ስንመለስ፣ «አሁን የኔ ሆነ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አልሆነም። እስኪፈረድ የማንም ሳይሆን ባለበት ይቆያል።»

በቀጠሮው ቀን ባልየው ቀርቦ የመሸጥ ሐሳብ እንዳልነበረው ተናገረ። ዳኛዋ አልተቀበሉትም፤ እግዱ እስከ ፍርድ ጸና። እኔ በድሌ ከተማውን ዞርኩበት። እሷ ግን እንቅልፍ አልነበራትም። በየማለዳው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ሽንኩርት ለምትሸጥ ሴት ትደውላለች፤ ሴትየዋም ምንም ሳትናገር ስልኩን ወደ ወፍጮው ታዞርላታለች። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ነው ወደ ሥራዋ የምትሄደው።

እስኪፈረድ ድረስ እኔም በአጥሩ ሥር ሳያት መጀመሪያ የምጠይቃት ይህንኑ ነበር።

«ዛሬስ ተሰማ?»