የቲቸር ማሳረጊያ

ሥራዬ ሕዝብ ግንኙነት ነው። ለአለቆች ንግግር እጽፋለሁ፤ እነሱ ያነባሉ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ በማግስቱ እኔም አላስታውሰውም። ስለዚህ ታቦር ሰፈር ያለው እድራችን ለቲቸር ማሳከሚያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲነሳ ንግግሩ ለእኔ መሰጠቱ አልገረመኝም። ቲቸር የምንላቸው ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው። እኔን ጨምሮ የሰፈሩን ግማሽ አስተምረዋል። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል ሄደው እጥበት ይደረግላቸዋል። አንድ ቀን ከተዘለለ ሰውነታቸው ያብጣል፣ ትንፋሽም ያጥራቸዋል። የጡረታ ገንዘባቸው ደግሞ የወሩን የመጀመሪያ ሳምንት እንኳ በቅጡ አያሻግርም።

የንግግሩን መግቢያና መካከል በአንድ የምሳ ሰዓት ጨረስኩት። የመጨረሻዋ አንቀጽ ግን ሦስት ቀን ፈጀች፤ ስትጠናቀቅም ደስ አለችኝ። ጉዳዩ የእሳቸው ነውና ሳላሳያቸው ማንበብ ነውር መሰለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ያኔ ነበር መፍራት የጀመርኩት።

«‹ከጎናቸው እንቁም› ትላለህ፤ የት ጋ ነው የሚቆሙት? ሆስፒታሉ በር ላይ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረዱ።

«‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።› ይኸን ተረት ያልሰማሁበት ስብሰባ የለም። ሎሚ ይዞ የመጣ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።» ሰረዙት።

«ቲቸር፣ ሰው እኮ ይወደዋል።»

«ይወደዋል፤ ከዚያ ይወጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ምን እንዳደርግ ነው የፈለጉት እያለ ሲያስብ በሩ ጋ ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው። እዚያው ሳለ ሊያደርገው የሚችለውን።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ለራሴ መለመኔ ያሳፍረኛል። በደንብ ያልተጻፈ ልመና ግን ይብሳል።»

አብረን ጻፍነው። የመጪው ዓመት ማክሰኞና ዓርብ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ቤተሰብ አንድ ቀን መርጦ ስሙን ይጽፋል፤ ቀኑ ሲደርስ የዚያን ቀን እጥበት ይከፍላል። የንግግሩም ማሳረጊያ ይህቺው ሆነች፦ «ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ውሰዱ።»

«ከዚህ በኋላ ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ንግግሩን አነበብኩ፤ ማሳረጊያዋንም እንዳለችው አልኩ። ጸጥ አለ። የእኔ ነገር፣ ጸጥታ አልችልም። አፌ የለመደውን፣ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ብሎ ጨመረ።

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለና ተነሳ። እኛ ጋ ቡራኬ ከተሰማ ፕሮግራሙ አልቋል። ወንበር ተንኳኳ፣ ነጠላ ተጣፋ፣ በር ላይ የነበሩት ባጃጅ መጥራት ጀመሩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

«ቁጭ በሉ!»

ቲቸር ነበሩ፣ ከፊት ወንበር። ድምፃቸው ደክሟል፤ አዳራሹ ግን ተቀመጠ። ባለ ሱቁም፣ ነርሷም፣ ልጅ የዳረው የባንክ ዘበኛም እንደ ድሮ ተማሪነታቸው ተቀመጡ። በር ላይ የደረሱት ተመለሱ።

«መጨረሻውን ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት፤ ከዚያ ከንፈሬን ነከስኩ። ዝምታው የሚያልቅ አልመስል አለኝ። በመጨረሻ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ተነሳና ስሙን ጻፈ። ከኋላው ሰልፍ ሆነ።

ሁሉም የጻፈው ግን ቅርብ ቅርቡን ቀን ነበር። የታችኞቹ ወራት ባዶ ቀሩ። ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ የተናገረው ግን የለም። ቲቸርም ወረቀቱን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ይኼኔ ከሰልፉ ኋላ የነበረ ባለ ባጃጅ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ከመጨረሻዎቹ ማክሰኞዎች አንዱን ወሰደ።

«የእጅ ጽሑፍህ ዛሬም አልተስተካከለም» አሉት ቲቸር። ከእሱ በኋላ የመጡት ወደ ታች መጻፍ ጀመሩ፣ ወረቀቱም ሞላ።

ቀኑን ያልከፈለ ሰው አልነበረም ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ሁለት ቤተሰቦች ሳይከፍሉ ቀርተዋል፤ እድሩ ሸፈነው። ቲቸር ከዚያ እሑድ በኋላ ዘጠኝ ወር ቆዩ፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ልባቸው ቆመ። ቀበርናቸው። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቀረ። እኔም ማንሳት አልደፈርኩም።

ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባለ ባጃጁ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ ይዟል።

«ዛሬ የእኔ ቀን ነው» አለኝ።

ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።  «ቲቸር እኮ...» ስል አቋረጠኝ።

«አውቃለሁ። ቀኑ ግን የእኔ ነው። ለማን ልስጠው?»

እንባዬ መጣ፤ ለሁለት ቀንም አልተወኝም። በባጃጁ ሆስፒታል ሄድን። እጥበት ክፍሉ በር ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቆማለች፤ የዛሬው የእጥበት ክፍያ ስላልሞላላት ልትመለስ ነበር። ባለ ባጃጁ ፖስታውን ሰጣትና ስሙን እንኳ ሳይነግራት ወደ ሥራው ሄደ።